ካርዱ ስንት ቀን ያደርሰናል?

አንድ የሰፈራችን ቤተሰብ አባትየውን ከሆስፒታል ይዞ ሲመለስ የኦክስጅን ማሽን አብሮ ገባ። ሰውየው የቆየ የሳንባ ሕመም አለባቸው። ሐኪሙ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እንዲሠራ አዘዘ። በሳምንቱ ልጅቱ ደወለችልኝ። «ካርዱ ሃያ ቀን ያቆየን ነበር፤ አሁን በሳምንቱ ሊያልቅ ነው። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ቆጣሪው ምንም አልሆነም። እንደ እሷ ግራ የሚገባቸው ብዙ ስለሆኑ፣ አብረን የሠራነውን ስሌት ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ። በየቤታችሁ ያለውን ዕቃ እያስገባችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ስሌቱን በብር አትጀምሩ። የቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር የምትጠቀሙት ሲጨምር የአንዱ መለኪያ ዋጋም ከፍ ይላል። ታሪፉ ራሱ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየተጨመረ ነው። ስለዚህ «አምና በዚህ ብር ወር እንደርስ ነበር» ማለት ለዘንድሮ አይሠራም። የሚሠራው በኪሎዋት ሰዓት መቁጠር ነው። የቆጣሪው መስኮት ላይ kWh ከሚለው ምልክት ጋር የሚታየው ቀሪ ቁጥር እሱ ነው። ለአጠራር እንዲመቸን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት «አንድ ቁጥር» እንበለው።

አንድ ቁጥር ማለት 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ነው። ዋቱ በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ W ተብሎ ተጽፏል። ዋቱን በሰዓቱ አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ የምታገኙት ዕቃው የበላው ቁጥር ነው። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ሰዓቱን በትክክል መገመት ግን ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከእንጀራ ምጣድ እንጀምር። የዚያ ቤት ምጣድ 3500 ዋት ነው። እስኪግል ከሚፈጀው ጊዜ ጋር አንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ስለዚህ 5 ቁጥር ከሩብ ይበላል። በሳምንት ሁለቴ ስለሚጋገር አሥር ተኩል ይሆናል። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን አንድ ተኩል ነው። ምጣድ ሲሠራ ቆጣሪው ስለሚሮጥ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው በእሱ ላይ ነው። በሳምንት የሚሠራው ግን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ምድጃው 1000 ዋት ነው። ወጥና ቡና፣ ቁርስና ሻይ ተደምሮ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይበራል። ይህ ሁለት ቁጥር ነው፤ በየቀኑ ስለሚሠራ ከምጣዱ ይበልጣል።

ፍሪጅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱ 120 ዋት ስለሚል በ24 ሰዓት አባዝቶ ሦስት ቁጥር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ይላል። ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ይሁን እንጂ ሞተሩ ሲቀዘቅዝለት ያርፋል፤ ድምፁን ብታዳምጡ ይሰማችኋል። በደህና ሁኔታ ያለ ፍሪጅ ሞተር በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ቢሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ያዙለት። የበሩ ጎማ የላላ ወይም በረዶ የተጋገረበት ከሆነ ግን ሞተሩ ዕረፍት ያጣል፤ ሁለትና ከዚያም በላይ ሊበላ ይችላል።

ቴሌቪዥኑ 80 ዋት ሆኖ አምስት ሰዓት ሲበራ 0.4 ነው። አምስት ባለ 10 ዋት አምፖሎች አራት አራት ሰዓት ሲበሩ 0.2 ነው። የሳምንቱ ካውያ፣ የስልክ ቻርጀሩና ቀን ከሌት የሚበራው የዋይፋይ ሳጥን ተደምረው 0.4 ያህል ናቸው። ሁሉንም ስንደምር ይህ ቤት ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በቀን አምስት ተኩል ቁጥር ይጠቀም ነበር። ቆጣሪው ላይ 110 ቢኖር 110ን ለ5.5 ማካፈል ነው፤ ሃያ ቀን። ልጅቱ «ሃያ ቀን ያቆየን ነበር» ያለችው ልክ ነበር።

አሁን ማሽኑን እንጨምር። በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጡት የቤት ማሽኖች ብዙውን ጊዜ 350 ዋት አካባቢ ናቸው፤ የእነሱም ወረቀት ይህንኑ ይላል። ከምጣድ አሥር እጅ ያነሰ ስለሆነ ማንም አያየውም። ነገር ግን ማሽኑ እንደ ፍሪጅ አያርፍም፣ እንደ ምጣድም ተሠርቶበት አይጠፋም። 350 በ24 ሰዓት ሲባዛ 8400 ነው፤ በቀን 8.4 ቁጥር። ብቻውን ከምጣዱ፣ ከምድጃው፣ ከፍሪጁና ከቀረው ሁሉ ድምር ይበልጣል። ቤቱ ከ5.5 ወደ 13.9 ወጣ። ያው 110 ለ13.9 ሲካፈል ስምንት ቀን እንኳ አይሞላም።

ስሌት ግምት ስለሆነ ከቆጣሪው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ቁጥሩን አንድ ቀን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጻፉት፤ ከሰባት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት እንደገና አንብቡ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፤ ጋገራ ያለበትና የሌለበት ቀን ይለያያልና። ልጅቱ ማሽኑ የተተከለ ዕለት 110፣ በሳምንቱ 13 አንብባ ነበር። ልዩነቱ 97 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 13.9 ገደማ። ከስሌታችን ጋር ስለገጠመ ቆጣሪው እንዳልተበላሸ አወቅን።

ባይገጥምስ? ቆጣሪው ከስሌቱ ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ማሽኑን የሚጠቀመው ሰው ሲሊንደር ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ፣ መብራቱንም አጥፉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ አጠቃቀሙን ተከትላ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ሁሉም ነገር ጠፍቶ እሷ ብልጭታዋን ከቀጠለች የሆነ ቦታ የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው። ጣራ ሥር የተረሳ የውሃ ማሞቂያ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት የሄደ መስመር ወይም የተበላሸ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ባለሙያ ይጠራል። በተለይ የውሃ ማሞቂያውን አትርሱ፤ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለመታጠቢያ እስኪሞቅ ብቻ ሁለት ተኩል ቁጥር ያህል ይበላል።

ልጅቱ ቀጥሎ የጠየቀችኝ ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ። «ቀን ቀን ደህና ስለሚመስሉ ማሽኑን ብናጠፋው ካርዱ አይቆይም?» ሒሳቡ አዎ ይላል። ሌሊት አሥር ሰዓት ብቻ ቢሠራ በቀን 3.5 ቁጥር ስለሆነ ቤቱ ወደ 9 ይወርዳል፤ ያው 110 አሥራ ሁለት ቀን ያደርሳል። ግን ኦክስጅን የታዘዘው በሰዓት ነው፤ ልክ እንደ ኪኒን። ሐኪሙ የሌሊት ብቻ ብሎ ካዘዘ የሌሊት ይሁን፤ ቀንና ሌሊት ካለ ግን ለካርድ ተብሎ አይቀነስም። የደም ኦክስጅን የወረደበት ሰው «ደህና ነኝ» እያለ ሊቀመጥ ይችላል። መደበት፣ ነገር መርሳት፣ የከንፈር መጥቆር የሚታየው ዘግይቶ ነው። ወጪው ከከበዳችሁ ሰዓቱን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ልኬቱ እንደገና ይታይ።

መቆጠብ ካለበት ከሌላው ይቆጠብ። የሳምንቱ ሁለት ጋገራ አንድ ቢሆን ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ሩብ ሰዓት አንዴ ይቀራል፤ ይህ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍቶ መጋገር ይቻላል። ባቄላና ሽምብራ አድሮ ተነክሮ፣ ድስቱም ተከድኖ ከተበሰለ ምድጃው በቀን ግማሽ ሰዓት ሊያርፍ ይችላል፤ ይህ በወር አሥራ አምስት ቁጥር ነው። አምፖልና ቻርጀር እያሳደዱ ልጆችን መቆጣት ግን ብዙም አያተርፍም።

ቀጥሎ መወሰን ያለበት መቼ እንደሚሞላ ነው። ካርዱ ሲያልቅ መብራት የሚጠፋው በእናንተ ቤት ብቻ ነው፤ ሰፈሩ በርቶ ይታያል። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት፣ ቀኑም እሑድ ሊሆን ይችላል። መሙያው ቦታ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ልትባሉም ትችላላችሁ። ስለዚህ የአንድ ቀን ፍጆታችሁን በአራት አባዙና የመመለሻ ቁጥር አድርጉት። ለዚያ ቤት 13.9 በአራት 56 ያህል ነው። ቆጣሪው 56 ሲደርስ ያለቀ ያህል ተቆጥሮ ይሞላል። ልጅቱ ቁጥሩን በትልቁ ጽፋ ከቆጣሪው ጎን ለጥፋዋለች፤ ማንም የቤቱ ሰው ሲያልፍ ያያል። ለፋሲካና ለገና ደግሞ ምጣዱም ምድጃውም ስለሚበዛ፣ በዓሉ ሳይገባ ከዚያ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የሰፈሩም መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ካርድ ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ ኃይል ሲያጣ ይጮኻል፤ ያኔ የሚያድነው ተጠባባቂ ሲሊንደር ነው። እሱም ይሰላል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ሲያሳይ ሁለቱን አባዙ፤ 1500 ሊትር ኦክስጅን አለው። የታዘዘው በደቂቃ 2 ሊትር ከሆነ 750 ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እስከ ባዶ ድረስ ስለማይጠበቅ አሥራ አንድ ሰዓት ብላችሁ ያዙት። ሌሊት ላይ ካርድ ቢያልቅ እስከ ንጋት ያደርሳል።

ሲሊንደሩን ከምድጃና ከሲጋራ አርቁት፤ እንዳይወድቅም በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ለዕጣንና ለከሰል የቡና ሥርዓትም ሌላ ክፍል ፈልጉ። የጌጁን ቁጥርና የቆጣሪውን ቁጥር በአንድ ደብተር፣ በአንድ ሰዓት መመዝገብ ይበቃል። በዚያ ቤት ይህን ሥራ የያዘው የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጅ ነው። ሁልጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ያነባል፤ 56 ሲቃረብም ለእናቱ ይነግራታል።