ባሩ ስንት ኪሎ ነው?

ሻንቶ ውስጥ የምሠራበት ጂም ባር በያጅ ከቧንቧ የሠራው ነው። የወንዶች የውድድር ባር 20 ኪሎ ስለሆነ ይህንንም 20 ብዬ ስቆጥር ቆየሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እህል ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 12 ኪሎ ሆነ።

«ያው ሁልጊዜ በዚሁ ባር አይደል የምትሠራው? ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። አለው።

ስኳት ስንሠራ አንድ ጊዜ ብቻ መነሳት የምንችልበትን ትልቁን ክብደት ማወቅ ይጠቅማል፤ የየሳምንቱ ክብደት የሚወጣው ከእሱ ነውና። ግን በቀጥታ መሞከሩ፣ በተለይ ከኋላ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ አደጋ አለው። ስለዚህ አምስት ጊዜ ሠርተን እንገምታለን። ቦይድ ኤፕሊ በ1985 ባወጣው ቀመር፣ ለአምስት ድግግሞሽ፣ ክብደቱን ለ6 አካፍለው በራሱ ላይ ይደምሩ። በ1993 የወጣው የማት ብርዚኪ ቀመር ደግሞ ለ8 ያካፍላል። እኔ ዝቅ የሚለውን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አምስተኛው ግን እውነተኛ አምስተኛ ይሁን፤ ወገብዎ እንደ መጀመሪያው ዝቅ ብሎ፣ ስድስተኛው የማይሞከር ሲሆን። ስምንት መሥራት እየቻሉ አምስት ላይ ካቆሙ ግምቱ ያንሳል።

እኔ አምስት ጊዜ የሠራሁት በየጎኑ 20 ኪሎ ብረት ጭኜ ነው። 60 መስሎኝ ነበር፤ ከፍተኛዬም 67.5። ከዚህ 70 በመቶው 47 ገደማ ስለሆነ በየጎኑ 12.5 ጫንኩና 45 አነሳሁ ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ ግን አምስቴ በ52 ኪሎ፣ ከፍተኛዬ 58.5፣ ያነሳሁትም 37 ነበር። ይህ 63 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለምን እንደዚያ እንደቀለለኝ አሁን ገባኝ።

አዲሱን የአራት ሳምንት ዕቅድ ስሠራ ከእያንዳንዱ ውጤት መጀመሪያ 12 ቀነስኩ፤ የቀረውን ለሁለት ከፈልኩ። የመጀመሪያው ሳምንት 70 በመቶ 41 ኪሎ ነው፤ በየጎኑ 14.5 ይደርሳል፤ 15 ጭኜ በ42 ኪሎ አምስት ዙር አምስት አምስት እሠራለሁ። ሁለተኛው ሳምንት 75 በመቶ፣ 44 ኪሎ ግድም፣ እኛ ጂም የለም፤ ትንሹ ብረት 2.5 ስለሆነ ከ42 ቀጥሎ 47 ነው። ስለዚህ 42ን አልለቅም፣ በየዙሩ ስድስት ስድስት አደርገዋለሁ። ሦስተኛው ሳምንት 80 በመቶ በትክክል 47 ላይ ይወድቃል፤ አራት ዙር አምስት አምስት። አራተኛው ማረፊያ ነው፤ 60 በመቶ 35 ይሆናል፣ እኔ ግን ወደ 32 ዝቅ ብዬ ሦስት ዙር ብቻ እሠራለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጨረሻ ዙር ላይ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ሊተርፍዎ ይገባል። ብረቱ ያኔውኑ ከተንቀረፈፈብዎ ከፍተኛውን አጋነዋል ማለት ነው፤ ዕቅዱን ሳይሆን እሱን ቀንሰው እንደገና ያስሉ። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ አምስቱን እንደገና እሞክራለሁ፤ በ54.5፣ ጂሙ 1.25 ኪሎ ብረት ከገዛ።