የሁለት መቶ ዶላር ማኅበር

በሴንት ፖል፣ በፍሮግታውን ሰፈር፣ ለማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ 200 ዶላር ብቻ ያለው አንድ ማኅበር አለ እንበል። ቀላሉ ፈተና ገንዘቡን ሚኒሶታ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየኖቬምበሩ በምታካሂደው የልገሳ ቀን፣ በ«ጊቭ ቱ ዘ ማክስ ዴይ»፣ የፌስቡክ ጽሑፍን ለማስተዋወቅ ማዋል ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በጨረታ ነውና፣ ሁሉም ድርጅት በአንድ ቀን በሚለምንበት ጊዜ ትንሹ ይዋጣል።

ገንዘቡ የሚበጀው በሴፕቴምበር ነው፤ ያኔም ማስታወቂያው ለሰፈሩ ነዋሪዎች ብቻ ይታይ፤ ልገሳ ሳይሆን ሰው ይጠይቅ። «በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» የሚል ጥሪ መውደድን ይሰበስባል እንጂ ሰው አያመጣም። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ምግብ ለማከፋፈል አራት ሰው» የሚለው ግን መልስ ይጠይቃል። በጉልበቱ የረዳ ሰው በኖቬምበር ሲለመን፣ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሥራ ነው።

ለልገሳው ቀን አንድ የሰፈር ነጋዴ «ሌላው የሰጠውን ያህል እኔም እጨምራለሁ» ብሎ ቃል ቢገባ ከማስታወቂያ ይሻላል። ማኅበሩ ግን የራሱን ገንዘብ ወይም ነጋዴው ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጠውን እንደ ማጣመሪያ ቢያቀርብ ለጋሹን ማታለል ይሆናል። ከዚያ አሥር አባላት እያንዳንዳቸው ለአሥር ወዳጆቻቸው፣ በስም እየጠሩ፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላኩ። ለእያንዳንዱ አባል የተለየ ሊንክ ከተሰጠ፣ ገንዘቡ በማን በኩል እንደመጣ ይታወቃል።

የዚህ መንገድ ድክመት የወዳጆች ክበብ ቶሎ ማለቁ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለጋሾቹ እነዚያው ከሆኑ፣ የሴፕቴምበሩ ማስታወቂያ አዲስ ሰው አላመጣም ማለት ነው።