ስለ ማታ ትምህርት ለሱቅ ባለቤት የሚጻፍ ደብዳቤ

ቀን በሱቅ የሚያገለግል፥ ማታ ግን ለመማር የሚሻ ልጅ ወይም ዘመድ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ለአሠሪው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ሰዓቴ ይሻሻልልኝ» ብሎ ብቻ ያበቃል። ባለቤቱ ግን ይህን ሲያነብ በልቡ የሚመላለሰው ሌላ ነው፤ በዚያ ሰዓት በባንኮኒው ማን ይቆማል? የዕለቱን ገንዘብ ማን ይቈጥራል? ቍልፉስ በማን እጅ ያድራል? ደብዳቤው እነዚህን ሦስቱን ካልመለሰ የቃሉ ማማር ብቻውን አይረዳውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። የትምህርት ፈቃድን ነገር ግን ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል፤ ሁለት ሠራተኞች ብቻ ባሉበት ሱቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ ጕዳዩ የሚያልቀው በመግባባት ነው። አዋጁ ግን አንድ መንገድ አልዘጋም፤ የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ጕድለቱን ለሌሎቹ ቀኖች ማከፋፈል ይቻላል፤ በማናቸውም ቀን ላይ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት እንዳያልፍ ብቻ ነው።

በመርካቶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚሠራ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጽፍ መልካም ይመስለናል።

«ለተከበሩ ለጋሼ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ትምህርቱ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠኝን የሰዓት ወረቀት ከዚህ ጋራ አያይዣለሁ። እኔ ግን በሳምንቱ ስድስት ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስለምሠራ፥ በእነዚህ ሦስት ቀኖች በ11 ሰዓት እንድወጣ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

ሰኞና ረቡዕ ከጧቱ 2 ሰዓት ገብቼ ሱቁን እከፍታለሁ። በጧት የምትገባው የሥራ ባልደረባዬ በሁለቱ ቀኖች በእኔ ሰዓት ገብታ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለመቈየት ተስማምታለች። ዓርብ ግን ልጇን ከትምህርት ቤት የምትወስደው እርሷ ስለሆነች አይመቻትም፤ እኔም ላስገድዳት አልወደድሁም። ስለዚህ ዓርብ በእኔ መውጣት የ2 ሰዓት ጕድለት ይሆናል። ይህን ጕድለት ማክሰኞ ከጧቱ 2 ሰዓት ገብቼ እተካለሁ፤ ማክሰኞ ጣቃው ከመኪና የሚወርድበት ቀን በመሆኑ ሁለት ሰው በጧት መገኘቱ ለሥራው ይጠቅማል። በሳምንት የምሠራው 48 ሰዓት ከቶ አይጐድልም።

ጌታዬ ዘወትር በ12 ሰዓት ለሒሳብ ይመጣሉ፤ ዓርብ ብቻ በ11 እንዲደርሱ መጠየቄ ድካም መጨመር መሆኑን አውቃለሁ። በምወጣበት ቀን ሁሉ ገንዘቡን በተረካቢው ፊት ቈጥሬ፥ ቁጥሩን በመዝገብ ጽፈን ሁለታችንም እንፈርማለን፤ ቍልፉንም ያን ጊዜ አስረክባለሁ። በገና፥ በፋሲካና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሳምንታት ትምህርቱን ትቼ እስከ መዝጊያ እቈያለሁ። ለአንድ ወር ተሞክሮ ሱቁን የሚጐዳ ሆኖ ከተገኘ እንደገና እንነጋገርበት። ምዝገባው ሳይዘጋ መልስዎን እጠባበቃለሁ።

ታዛዥዎ»

በዚህ ደብዳቤ ባለቤቱ ሊከራከርበት የሚችለው የዓርቡ ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ ወጥቶ ጨርቅ ሊመርጥ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነውና፥ ከ11 እስከ 1 ያለው ጊዜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጋራ እኩል ዋጋ የለውም። ጸሓፊው ይህን ሳይሸፍን «ድካም መጨመር ነው» ማለቱ ደግ ነው፤ የተደበቀው ወጪ በኋላ ሲገለጥ የቀረውንም ስምምነት ያፈርሳልና። ባለቤቱ ዓርብን ቢከለክል፥ ያን አንዱን ትምህርት በቅዳሜ ወይም በእሑድ ክፍል መውሰድ ይቻል እንደሆነ ተማሪው ደብዳቤውን ከመስጠቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቆ መገኘት አለበት። የቅዳሜው ክፍል ግን ሌላ የሰዓት ጥያቄ ያስከትላል።

የበዓሉን ዋዜማ ተስፋ ደግሞ ከፈተናው ቀን ጋራ ሳያስተያይ የጻፈው እንደሆነ፥ ቃሉን ያፈርሳል ወይም ፈተናውን ያጣል። ገና ብዙውን ጊዜ የትምህርቱ እኩሌታ ከሚያልቅበት ወራት ጋራ ይቀራረባል።

ባለቤቱ «እሺ» ካለ በኋላ አዲሱ ሰዓት በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፥ የየቀኑ መግቢያና መውጫ፥ ደመወዙም እንዳልተቀነሰ ይገለጥበት። የምታግዘው የሥራ ባልደረባም ሰዓቷ ተለውጧልና እርሷም ትፈርምበት።