«ፋይሉን ልኬለታለሁ» ብሎ ነገር!

ትናንት ስልጠና ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ዓይነ ስውር ወዳጄ ስላይዱን በላፕቶፑ ሲያዳምጥ አብሬው ሰማሁ። ስክሪን ሪደሩ መጀመሪያ ከግርጌ ያለውን ማስታወሻ አነበበ፣ ቀጥሎ መደምደሚያውን፣ ርዕሱን መጨረሻ ላይ! ግራፉ ጋ ሲደርስ «Picture 4» ብሎ አለፈ። አሰልጣኙን ብንጠይቀው «ፋይሉን አስቀድሜ ልኬለታለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

የምታደርገውማ አለ። ፓወርፖይንት የሚነበበው ዓይንህ በሚያየው ቅደም ተከተል አይደለም፤ ካልነካካኸው በቀር ሳጥኖቹን ባስገባህበት ተራ ነው። ርዕሱን መጨረሻ ከጨመርክ መጨረሻ ይነበባል። Alt+F10 ተጫን፣ Selection Pane ይከፈታል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የሚነበበው ከታች ያለው ነው (አዎ፣ ግራ ያጋባል)፣ ስለዚህ ርዕሱን ጎትተህ ታች አውርደው።

የግራፉ Alt Text ላይ ደግሞ «ግራፍ» ብለህ አትገላገል። «የሰልጣኞች ቁጥር በሦስት ዓመት ከ120 ወደ 310 አደገ» በል። ሰውየው የፈለገው ቁጥሩን ነው።

ነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ጽሑፍ «ፕሮፌሽናል» ነው የምትሉም አላችሁ። ለስክሪን ሪደሩ ለውጥ የለውም፣ ግን በቀረቻቸው ትንሽ እይታ እያገዙ የሚያዳምጡ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ንፅፅሩ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን።

ከመላክህ በፊት ማውሱን ተውና በTab ብቻ እለፍበት። ርዕሱ ቀድሞ ካልመጣ ገና አልጨረስክም።