ቀስቱ የት ያርፋል? የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች ስለ ማወዳደርና ስለ መደርደር

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት በሰቆጣ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በዚያን ጊዜ ካረምኋቸው የመልመጃ ወረቀቶች መካከል አንዱ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ወረቀቱ አሥር ጥያቄዎች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ የተለያየ ታህት ያላቸው ሁለት ክፍልፋዮች ቀርበው በመካከላቸው የ<፣ የ> ወይም የ= ምልክት እንዲጻፍ ያዝዛል። የወረቀቱ ባለቤት የሆነችው ተማሪ ከአሥር አንድ አገኘች። ትክክል የሆነላት ብቸኛው ጥያቄ 4/6ን ከ6/9 ጋር የሚያወዳድረው ሲሆን፣ በመካከላቸው የእኩልነት ምልክት አስቀምጣለች። እኔም ልጅቱ ክፍልፋይ ጨርሶ አልገባትም ብዬ ደመደምሁ፤ ወረቀቱንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥሁት።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የቆዩ ወረቀቶችን ሳገላብጥ ግን ድምዳሜዬ ስሕተት እንደ ነበረ ተረዳሁ። ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት < ወይም > እያለ ቢጽፍ ከቀሩት ዘጠኝ ጥያቄዎች አራት ወይም አምስት ያህሉን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ዘጠኙንም መሳት ግን በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ዘጠኙንም የሳተ ሰው አንድ ሥርዓት ይዟል፤ ሥርዓቱ አንድ ቦታ ላይ ተገልብጦበታል ማለት ነው።

በወረቀቱ ኅዳግ ላይ የቀረው የእርሳስ ጽሑፍ የተገለበጠውን ቦታ ያሳያል። ተማሪዋ ያስተማርኋትን አመሳቅሎ ማባዛት በሚገባ ተጠቅማለች። 3/5 እና 5/9 በቀረቡበት ጥያቄ ላይ 3ን በ9 አባዝታ 27፣ 5ን በ5 አባዝታ 25 አግኝታለች። ብዜቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከ3 ተነሥቶ ወደ 9 የሚወርደው ቀስት የሚያርፈው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ፣ 27ን ቀስቱ ባረፈበት በ5/9 ሥር ጻፈችው፤ 25ንም በተመሳሳይ ምክንያት በ3/5 ሥር አስቀመጠችው። ስለዚህ 3/5 < 5/9 አለች። እውነቱ ግን 27 የ3/5 ድርሻ ነው፤ የሚበልጠውም 3/5 ነው። 4/6 እና 6/9 ላይ ሁለቱም ብዜቶች 36 ስለሆኑ የቦታው መለዋወጥ ምንም አላበላሸባትም። ያችን አንዲት ነጥብ ያገኘችው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ስሕተቱ የመምህሩ ነው፤ ብዜቱ ከላዕሉ በላይ እንዲጻፍ በደንብ ማስረዳት ነበረበት» ሊል ይችላል። ትክክል ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሆኖም ብዜቱ ከላዕሉ በላይ ይጻፍ ማለት በአንድ የቃል ትእዛዝ ላይ ሌላ የቃል ትእዛዝ መጨመር ነው። ተማሪዋ ትእዛዙን ከረሳችው፣ መርሳቷን የሚነግራት ነገር በወረቀቱ ላይ አይኖርም።

ብዜቶቹ ምን እንደሆኑ እንመልከት። 3/5 እና 5/9 የጋራ ታህት እንዲኖራቸው ብናደርግ፣ ታህታቸው 45 ሲሆን ክፍልፋዮቹ 27/45 እና 25/45 ይሆናሉ። 27 እና 25 ከሰማይ የወረዱ ቁጥሮች አይደሉም፤ የአቻ ክፍልፋዮቹ ላዕሎች ናቸው። አመሳቅሎ ማባዛት ማለት እንግዲህ ታህቱን ሳይጽፉ የጋራ ታህት መፈለግ ነው፤ የተሰወረው ታህት የሁለቱ ታህቶች ብዜት ነው። ታህቶቹ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ራሱ ብዜታቸው ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ዓይነት ቁጥሮችን ይሰጣሉ። የጋራ አካፋይ ካላቸው ግን ይለያያሉ። 5/12ን እና 7/18ን አመሳቅለን ብናባዛ 90 እና 84 እናገኛለን፤ በትንሹ የጋራ ብዜት በ36 ብንሠራ ግን 15 እና 14። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ስድስት እጥፍ ናቸው፤ 6 ደግሞ የ12 እና የ18 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። በመሆኑም ሁለቱን ዘዴዎች እንደ ተቀናቃኝ ማቅረብ፣ በመማሪያ ክፍሎቻችን እንደ ተለመደው «ዘዴ አንድ» እና «ዘዴ ሁለት» እያሉ መለያየት፣ የአንዱን አሠራር በሌላው ከማብራራት ያግደናል።

የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፦ የጋራ ታህት ይቅደም፤ አመሳቅሎ ማባዛት የእርሱ ማሳጠሪያ ሆኖ ይከተል፤ ተማሪው አመሳቅሎ ሲያባዛም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ መልመጃዎች የተሰወረውን ታህት ይጻፍ። ያች ተማሪ 27 ብቻ ሳይሆን 27/45 ብላ ብትጽፍ ኖሮ በ5/9 ሥር ልታስቀምጠው ባልቻለች ነበር። 9 ወደ 45 የሚያድገው በ5 ሲባዛ ነው፤ ስለዚህ ላዕሉም በ5 መባዛት ይኖርበታል፤ 5 ጊዜ 5 ደግሞ 25 እንጂ 27 አይሆንም። ታህቱ ሲጻፍ ስሕተቱን ራሱ ያጋልጣል። ሪቻርድ ስኬምፕ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ ጽሑፍ ሕጉን ብቻ ይዞ መሥራትንና ሕጉ ለምን እንደሚሠራ ማወቅን ለይቶ አሳይቷል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ፍልስፍናዊ መስሎ ይታያል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ልዩነቱ ዘጠኝ ነጥብ ነው።

ጥያቄው ሁለት ክፍልፋዮችን ከማወዳደር ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ወደ መደርደር ሲሻገር ችግሩ ይብሳል። 5/8፣ 2/3 እና 3/4 ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ እንበል። ተማሪው ጥንድ ጥንዱን አመሳቅሎ ያባዛል፦ 2/3 ከ3/4 ጋር 8 እና 9፤ 2/3 ከ5/8 ጋር 16 እና 15፤ 3/4 ከ5/8 ጋር 24 እና 20። ንጽጽሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። አሁን ግን በወረቀቱ ላይ ስድስት ቁጥሮች ተበትነዋል፤ 2/3 ብቻውን አንድ ጊዜ 8፣ አንድ ጊዜ 16 ሆኗል። ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ካገኘው ቁጥር ትልቁን የሚይዝ ተማሪ ለ2/3 16፣ ለ5/8 20፣ ለ3/4 24 ይዞ 2/3 < 5/8 < 3/4 ብሎ ይደረድራል። ይህ ስሕተት ነው፤ 5/8 ከ2/3 ያንሳል። 20 የተገኘው የተሰወረው ታህት 32 ሲሆን፣ 16 የተገኘው ደግሞ ታህቱ 24 ሲሆን ነው። ታህቱ ስላልተጻፈ ተማሪው የተለያየ መለኪያ ያላቸውን ቁጥሮች እንደ አንድ ዓይነት ቆጠራቸው፤ በቁናና በጣሳ የተሰፈረን እህል ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንደ ማወዳደር ማለት ነው።

በእነዚህ ላይ 7/12ን ብንጨምር ጥንዶቹ ስድስት ይሆናሉ። ትንሹን የጋራ ብዜት የሚፈልግ ተማሪ ግን ከትልቁ ታህት ከ12 ይጀምራል፤ 12 ለ8 አይካፈልም፤ ቀጣዩ ብዜት 24 ለሁሉም ይካፈላል። ከዚያም 2/3 = 16/24፣ 5/8 = 15/24፣ 7/12 = 14/24፣ 3/4 = 18/24 ይላል። አራት ማባዛት ብቻ ነው፤ ድርድሩም በዓይን ይታያል። ከዚህም በላይ 7/12፣ 5/8 እና 2/3 በእኩል ርቀት የተከታተሉ መሆናቸውን፣ 3/4 ደግሞ ከእነርሱ ፈቀቅ ብሎ መቀመጡን ያያል። ከአመሳቅሎ ማባዛት ይህን ማየት አይቻልም።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማባዣ ሠንጠረዥ ያልጸናለት ተማሪ ትንሹን የጋራ ብዜት ሲያጣ ታህቶቹን ሁሉ ያባዛል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 3 × 8 × 12 × 4 = 1152 ደርሶ 768፣ 720፣ 672 እና 864 የሚሉ ላዕሎችን ለማግኘት ይደክማል። መልሱ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን አድካሚ ነው። ጦርነቱ ትምህርት ባቋረጠባቸው ዓመታት የዋግ ኽምራ ልጆች ካጡት አንዱ ይኸው የማባዛት ልምምድ ነው። የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በደረሰ ጊዜ መምህሩ ወደ አጭሩ መንገድ ቢያዘነብል አልፈርድበትም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ለሁለት ክፍልፋዮች አመሳቅሎ ማባዛት ፈጣን መሆኑን አልክድም። የምቃወመው ታህቱ ተረስቶ መቅረቱን፣ እንዲሁም ለሁለት የተበጀ ዘዴ ለአራት መዋሉን ነው።

የመልመጃ ወረቀቱ አዘጋጃጀትም ሊታሰብበት ይገባል። የእኔ አሥር ጥያቄዎች እንዲሁ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ ነበሩ። ዛሬ ባዘጋጅ ሦስት ጥንዶችን ሳላካትት አላልፍም፦ 3/5 እና 5/9፤ 5/7 እና 2/3፤ 4/6 እና 6/9። በልጆች ዘንድ የታወቁ ሁለት የተሳሳቱ አካሄዶች አሉ። አንዱ ላዕሉም ታህቱም ትልቅ የሆነው ይበልጣል ማለት ነው፤ ኒ እና ዡ በ2005 እ.ኤ.አ. የሙሉ ቁጥር ዝንባሌ ብለው በስፋት የተነተኑት ነው። ሌላው በላዕልና በታህት መካከል ያለው ልዩነት ያነሰው ይበልጣል ማለት ነው። በሙሉ ቁጥር የሚያስብ ተማሪ የመጀመሪያውን ይስታል፣ ሁለተኛውን ያገኛል፣ ሦስተኛውን ይስታል። ልዩነት የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ያገኛል፤ 5/7 ልዩነቱ 2፣ 2/3 ደግሞ 1 ስለ ሆነ ሁለተኛውን ይስታል፤ ሦስተኛውንም ይስታል። ቀስቱ የተገለበጠበት ሁለቱን ስቶ ሦስተኛውን ብቻ ያገኛል። አንዱ ከሌላው የሚለየው በነጥቡ ብዛት ሳይሆን በትክክሉና በስሕተቱ አቀማመጥ ነው፤ ሦስቱም ከሦስት አንድ ነው ያገኙት።

አንድ ገደብ ግን አለ። የ< እና የ> ምልክቶችን የሚያምታታ ተማሪም ልክ ቀስቱ እንደ ተገለበጠበት ተማሪ ሁለቱን ስቶ እኩሉን ብቻ ያገኛል። ሁለቱን ለመለየት ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ ምልክት ከማስጻፍ ይልቅ «የሚበልጠውን ክበብ» እንዲሉ ማድረግ በቂ ነው። ምልክቱን ብቻ የሚያምታታው እዚያ ላይ ይስተካከላል፤ ቀስቱ የተገለበጠበት እዚያም ይስታል።

የአካባቢው የመካፈል ቋንቋ ይህን ሁሉ ያቃልል ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ሲሶ ከእርቦ እንደሚበልጥ ለተማሪዎቼ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ አዝመራ ሲካፈል ይሰማሉ። 1/3 ከ1/4 ይበልጣል በሚለው ላይ የሚሳሳቱት እንኳ «ሲሶና እርቦ» ሲባሉ ወዲያው ይመለሳሉ። ነገር ግን ይህ እርዳታ ላዕሉ 1 ከሆነው አያልፍም። ለ3/5 እና ለ5/9 በአዝመራ ክፍፍል ውስጥ ስም የለም፤ እዚያ ላይ ተማሪው ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ በወረቀቱም ላይ 27 ብሎ ይጽፋል ወይም 27/45 ብሎ ይጽፋል።