«በአምስት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል» የሚባለው የቡና ጣቢያ

ጌዴኦ ውስጥ ክረምት ላይ ብር የቸገረው ገበሬ ገና ያልቀላ ቡናውን ለነጋዴ ሲሸጥ ዋጋው ለምን ዝቅ እንደሚል ማንም አያስረዳውም። ኅዳር ላይ 5 ሺህ ብር ያወጣል ተብሎ የሚጠበቀውን እሸት ሐምሌ ላይ በ3 ሺህ ብር ይሰጣል እንበል። ነጋዴው የቀነሳት 2 ሺህ ብር የአራት ወር ጥበቃ ዋጋ ናት፤ ቡናው በበሽታ ቢመታስ፣ ገበያው ቢወድቅስ የሚለው ስጋትም እዚያው ውስጥ አለ። ፍትሐዊ ነው አላልኩም። በአራት ወር 67 በመቶ አራጣ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ግን ሁለቱም የዛሬ ብርና የኅዳር ብር እኩል እንዳልሆኑ ያውቃሉ።

የሚገርመኝ ይኸው ዕውቀት ዲላ ከተማ ገብቶ ድርጅት መግዛት ሲመጣ መጥፋቱ ነው። አንድ ወዳጄ ይርጋ ጨፌ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊገዛ አስቧል። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚሸጠው መፈልፈያ ማሽኑ፣ ገንዳው፣ የማድረቂያ አልጋው፣ መጋዘኑና ደንበኛው ነው። ሻጩ 40 ሚሊዮን ብር ጠይቋል። ምክንያቱም አጭር ነው፦ «በዓመት 8 ሚሊዮን ያተርፋል፣ በአምስት ዓመት ዋጋውን ይመልስልሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው።» (ሰዎቹ እንዳይታወቁ ቁጥሮቹን ለውጬ፣ ለማስላትም እንዲቀሉ አድርጌያቸዋለሁ።)

ወዳጄ የእህል ንግድ አለው። እዚያ ያስገባት 100 ብር በዓመቱ 125 ትሆንለታለች። እንግዲህ ለእሱ የዛሬ ዓመት የሚመጣ 125 ብር ዛሬ 100 ብር ነው። የመንግሥት ተቀማጭ ወለድ ወይም ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያወጣው 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የእሱ መለኪያ ግን የሚተወው ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት 8 ሚሊዮን ለ1.25 ያካፍላል፤ 6.4 ሚሊዮን ይሆናል። የሁለተኛውን ሁለት ጊዜ ያካፍላል፤ 5.12 ሚሊዮን። እንዲህ እያለ አምስተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ 8 ሚሊዮኗ 2.6 ሚሊዮን ብቻ ሆና ታገኛታለህ። የአምስቱ ድምር 21.5 ሚሊዮን ነው። «ይመልስልሃል» የተባለው 40 ሚሊዮን በዛሬ ብር ግማሽ ብቻ ነው የሚመለሰው። የባንክ ሰዎች ዲስካውንትድ ካሽ ፍሎው የሚሉት ስሌት ይኸው ነው፤ ከገበሬውና ከነጋዴው የሐምሌ ድርድር የሚለየው ወረቀት ላይ መጻፉ ነው።

ሻጩ ግን ሞኝ አይደለም። «ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ትርፉም ይጨምራል፤ እናንተ ባለበት አቁማችሁ ቆጠራችሁት» አለ። ልክ ነው። 25 በመቶው ውስጥ የዋጋ ንረት አለ፤ ትርፉን ሳያሳድጉ በዚህ መጠን መቀነስ አንዱን እግር ብቻ ጫማ እንደማልበስ ነው። ትርፉ በየዓመቱ በ10 በመቶ ያድጋል፣ ጣቢያውም ሳያቋርጥ ይሠራል ብንል አጭር መንገድ አለ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ በ25 እና በ10 መካከል ላለው ልዩነት፣ ማለትም ለ0.15 ማካፈል። ስምንት ሚሊዮን ለ0.15 ሲካፈል 53 ሚሊዮን ይመጣል። ሻጩ ፈገግ አለ፤ እንዲያውም በርካሽ ነው የሸጥኩላችሁ ማለት ነዋ!

እዚህ ላይ ነው ትርፍና ጥሬ ገንዘብ የሚለያዩት። ጣቢያው በአንድ ወቅት 400 ሺህ ኪሎ ቀይ እሸት በ60 ብር ይገዛል እንበል። ይህ 24 ሚሊዮን ብር ነው፤ ገበሬው ደግሞ ዱቤ አይቀበልም። ይህ ገንዘብ 40 ሚሊዮኑ ውስጥ የለም፤ ገዢው ከኪሱ ይዞ ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት እሸቱ በ10 በመቶ ሲወደድ ያንኑ ኪሎ ለመግዛት 26.4 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ጭማሪዋ 2.4 ሚሊዮን ከ8 ሚሊዮኑ ትርፍ ላይ ተነስታ ተመልሳ ቡና ውስጥ ትገባለች። ሒሳብ ሠራተኛው 8 ሚሊዮን አተረፍን ይላል፣ ግብርም በዚያው ይሰላል፤ ባለቤቱ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ግን 5.6 ሚሊዮን ነው። 5.6 ለ0.15 ሲካፈል 37.3 ሚሊዮን። ከዚህ ላይ መጀመሪያ የሚገባው 24 ሚሊዮን ሲነሳ ለጣቢያው የሚተርፈው 13.3 ሚሊዮን ብር ነው።

ይህ ለሻጩ የጨከነ ስሌት ነው፤ አንድ ነገር ዘሏል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቡናው ተሸጦ ገንዘቡ ከገባ በኋላ እስከ ቀጣዩ ጥቅምት ድረስ 24 ሚሊዮኑ ሥራ ፈት ነው። አራት ወር ያህል ነጻ ሆኖ እህል ላይ በዚያው በ25 በመቶ ሒሳብ ቢሠራ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ገደማ ይጨምራል፤ ያኔ የጣቢያው ዋጋ ወደ 26.7 ሚሊዮን ከፍ ይላል። አራት ወር ብቻ ዋጋውን በእጥፍ ቀየረችው። ስለዚህ ወዳጄን የማሽኑን ዕድሜ ከመጠየቅህ በፊት የባንክ ደብተሩን ጠይቅ አልኩት፦ ለእሸቱ የመጨረሻው ክፍያ የወጣው መቼ ነው፣ የሽያጩ ገንዘብስ የገባው መቼ? ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ከሆነ የሚገባው አራቱ ወር የለም፣ 26.7 ሚሊዮኑም የለም።

ሌላው 8 ሚሊዮኗ ራሷ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ወቅት መጋዘኑ ውስጥ ያልተሸጠ ቡና የነበረው ሰው በብር ሲቆጠር አንድ ጊዜ የሚገኝ ሲሳይ አገኘ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ግድም ደግሞ የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዚህ ላይ የቡና ዛፍ አንድ ዓመት በደንብ ሰጥቶ በሚቀጥለው ያርፋል። የአንድ ጥሩ ዓመት ትርፍ ይዞ ለዘላለም ማብዛት ስሌቱን ሳይሆን መነሻውን ያበላሻል። ወዳጄ የቀደሙትን ዓመታት ሲያይ መካከለኛው ትርፍ 5 ሚሊዮን ሆኖ አገኘው። በዚህ ከተነሳን፣ ያቺን የክረምት 2 ሚሊዮን ጨምረንላት እንኳ፣ ጣቢያው 6.7 ሚሊዮን ብር ብቻ ያወጣል።

ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ጣቢያ ለማይገዛውም ሰው የሚጠቅመው ይኼኛው ይመስለኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ዲላም ላይ ሰው በቴሌብር ከ33 አክሲዮን ጀምሮ መግዛት ይችል ነበር። ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው ክርክር ሲበዛ ዋጋውን ይዞ ምን ቢሆን ነው 300 የሚያወጣው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እንደ ወዳጄ 25 በመቶ የሚፈልግ፣ 10 በመቶ ዕድገት የሚጠብቅ ሰው 300ን በ0.15 ያባዛል፤ በመጪው ዓመት ከአንዷ አክሲዮን 45 ብር ጥሬ ገንዘብ ሊደርሰው ይገባል። በ20 በመቶ የሚረካ ሰው 30 ብር ይበቃዋል። በ15 በመቶ የሚረካው ደግሞ 15 ብር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሌላ አማራጭ ያለው ሰውና ገንዘቡ ፍራሽ ሥር ያለው ሰው ለአንድ ወረቀት እኩል ዋጋ ሊከፍሉ አይችሉም።