አሥረኛው ቀን ምን ይጠይቃል?

የሁለት ሳምንት ምዕራፍ ሲያልቅ ተማሪው ምን ሠርቶ ማሳየት አለበት? የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ ከመጻፋችን በፊት ይህን ጥያቄ የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? የተለመደውን የዕቅድ ቅጽ እንየው። ቀን፣ ርዕስ፣ ገጽ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር እያለ ሄዶ ምዘና መጨረሻው ዐምድ ላይ ይመጣል። እዚያም አብዛኛውን ጊዜ «የቃል ጥያቄ፣ የክፍል ሥራ» ተብሎ ይሞላል። ፈተናው የሚረቀቀው በዋዜማው ማታ ነው፤ የሚወጣውም እስከዚያ ከተሸፈኑት ገጾች ነው። ታዲያ ልጁ የተፈተነው ሊችለው በሚገባው ነገር ነው ወይስ መምህሩ በደረሰበት ገጽ?

ጥያቄው የትም ቢነሣ ተገቢ ነው። በምሥራቅ ሱዳን ግን መልስ ማጣቱ የበለጠ ያስከፍላል። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሐምዳየትና በሌሎች መግቢያዎች የተሻገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ገዳሪፍ ግዛት ውስጥ በኡም ራኩባና በጡናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ልጆቹን ማስተማር የጀመሩትም ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ናቸው። አካባቢው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ወላጅ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ልጅም ወይ አብሮ ይሄዳል ወይ ታናናሾቹን ይጠብቃል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በገዳሪፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ለአሥር ቀን የታቀደ ምዕራፍ ሰባት ቀን ብቻ ቢያገኝ የሚቀረው የትኛው ትምህርት ነው? ከገጽ አንድ ጀምሮ ወደ ፊት የሚጓዝ ዕቅድ ሳያስበው መልስ ሰጥቷል፤ የሚቀሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። መጨረሻ ላይ የምናስቀምጠው ደግሞ ዕውቀቱ ሥራ ላይ የሚውልበትን ክፍል ነው። ትርጓሜውና ቀመሩ ይተርፋሉ፣ ልጁ በሰፈሩ የሚያስፈልገው ነገር ይቀራል።

ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሦስት እርምጃ አስቀመጡ። መጀመሪያ ተማሪው የሚደርስበት ይወሰናል፤ ቀጥሎ መድረሱን የሚያሳየው ማስረጃ ይዘጋጃል፤ የየዕለቱ ትምህርት የሚታቀደው ከዚያ በኋላ ነው። አሠልጣኞች እነዚህን ሦስት እርምጃዎች በስላይድ ሲያሳዩ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከፈተናው ወረቀት ተነሥተው እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ከመምህራኑ ጋር የሠሩ ስንቶቹ ናቸው? እዚህ አንዱን እንሥራው።

የስድስተኛ ክፍል ሒሳብን፣ የስፋትን ምዕራፍ እንውሰድ። በተለመደው ዕቅድ ዓላማው «ተማሪዎች ስለ ስፋት ይገነዘባሉ» ይላል። መገንዘባቸው በምን ይታያል? ከሑመራ ወይም ከመተማ የመጣ ቤተሰብ መሬት የሚለካው በሄክታር ነበር፣ 10,000 ካሬ ሜትር። ገዳሪፍ ውስጥ ግን መሬት የሚቆጠረው በፈዳን ነው፣ 4,200 ካሬ ሜትር። የሰሊጥ አረም በፈዳን ኮንትራት ሲሰጥ ማሳው ስንት ፈዳን እንደሆነ የሚያውቀው አሠሪው ብቻ ከሆነ ሠራተኛው በምን ይከራከራል? እንግዲያው ዓላማው እንዲህ ይጻፍ፦ ተማሪው የማሳን ስፋት በካሬ ሜትር አስልቶ ወደ ፈዳን ይለውጣል፣ የተባለው ክፍያ ትክክል መሆን አለመሆኑን አስረድቶ ያሳያል። የዚህ ዓላማ መሳካት በሥራ ይታያል፤ ፈተናም ይወጣለታል።

የአሥረኛው ቀን ወረቀት ይህ ነው። 120 ሜትር በ70 ሜትር ከሆነ ማሳ አንዱ ጥግ ላይ 60 ሜትር በ35 ሜትር የሚሆን ቦታ ድንጋያማ ስለሆነ አልታረሰም። ክፍያው ለአንድ ፈዳን 8,000 ፓውንድ ነው ተብሎ ይታሰብ። አሠሪው «የታረሰው አንድ ፈዳን ነው» ይላል። ልክ ነው? በሥዕልና በስሌት አሳይ፤ ሒሳብ ላልተማረ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዳ። ሙሉው 8,400 ካሬ ሜትር፣ ያልታረሰው 2,100፣ የታረሰው 6,300 ነው። ይህም አንድ ተኩል ፈዳን ይሆናል፤ ክፍያው 12,000 ፓውንድ ነው። በአሠሪው ቃል ቢኬድ ሠራተኛው 4,000 ፓውንድ ያጣል።

ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይቀራል። ሳያውቅ ሊያልፍ የሚችል ልጅ አለ? ርዝመትን በወርድ ማባዛት ብቻ የሸመደደ ተማሪ 8,400 ብሎ ሁለት ፈዳን ይላል። ስለዚህ የተቆረጠው ጥግ ሸምዳጁን ከሚያውቀው ይለየዋል። ዐውቆ ሊወድቅ የሚችልስ አለ? አለ። ቤቱ ትግርኛ የሚናገር፣ ገበያ በዐረብኛ የሚገበያይ ልጅ የጥያቄው አማርኛ ከብዶት ሊቀር ይችላል። እርሱ የወደቀው በሒሳብ ነው? ስለዚህ ማሳው ተሥሎ ይሰጠው፣ ማብራሪያውንም በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ ወይም በቃል ይናገር። ውጤት አሰጣጡም አብሮ ይወሰን። ከአሥር ነጥብ ሥዕሉን ለመከፋፈል 2፣ ለስፋቱ 3፣ ወደ ፈዳን ለመለወጥ 2፣ ለክፍያው 1፣ ለማስረዳቱ 2 ይሁን። ስፋቱን ተሳስቶ ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል የሠራ ተማሪ የሚቀነስበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ ስሕተት ሦስት ጊዜ መቅጣት ስለ ችሎታው ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ልጁ በአሥረኛው ቀን ይህን ለመሥራት በዘጠነኛው ምን ያስፈልገዋል? ስሕተቱን ማረም። ለማረም ደግሞ ስሕተቱ ቀድሞ መታየት አለበት። ስለዚህ ስምንተኛው ቀን ልምምድ ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቅርጹም ቁጥሩም የተለየ ማሳ ይሠራሉ። መምህሩ ወረቀቱን ማታ አይቶ በዘጠነኛው ቀን የሚያስተምረው ልጆቹ የሳቱትን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በሰባተኛው ቀን ከፈዳን ወደ ክፍያ፣ በስድስተኛው ከካሬ ሜትር ወደ ፈዳንና ወደ ሄክታር፣ በአምስተኛውና በአራተኛው የተቆረጡና የተቀጠሉ ቅርጾችን መከፋፈል ይመጣል። በሁለተኛው ቀን የሬክታንግል ስፋት ካሬዎች እየተቆጠሩ ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን የአሠሪውና የሠራተኛው ክርክር ይቀርባል፤ ልጆቹም የሚያውቁትን ይጽፋሉ።

ሦስተኛውን ቀን ለብቻው ያስቀመጥሁት ምዕራፉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ልጆች ዙሪያንና ስፋትን ያምታታሉ፤ አዋቂም ማሳን ዙሪያውን ተራምዶ ይገምታል። ሁለት ማሳ እንሣል፤ አንዱ 120 በ35፣ ሌላው 140 በ15። ዙሪያቸው እኩል 310 ሜትር ነው፤ በእግር የዞራቸው ሰው እኩል ይደክማል። ስፋታቸው ግን የመጀመሪያው 4,200፣ የሁለተኛው 2,100 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ አንድ ፈዳን ሲሆን ሌላው ግማሽ ነው። በግቢው ውስጥ ሜትር በሜትር የተቋጠረ ገመድ ይዘው 12 በ3.5 ሜትር እና 14 በ1.5 ሜትር አድርገው መሬት ላይ ያሥምሩት፤ ውስጡን በካሬ ይሙሉት። ክፍሉ ከመበተኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «ዙሪያው የበለጠ ማሳ ሁልጊዜ ስፋቱ ይበልጣል?» ግማሹ ክፍል «አዎ» ካለ ወደ አራተኛው ቀን መሄድ ምን ይጠቅማል? ገጹ ይሸፈናል፣ በአሥረኛው ቀን ግን ያው ስሕተት ይመለሳል።

መማሪያ መጽሐፉ በዚሁ ምዕራፍ ትራፒዚየምም ቢኖረው የት ይገባል? ለአሥረኛው ቀን ሥራ የማያስፈልግ ከሆነ ለምን ከሦስተኛው ወይም ከስምንተኛው ቀን ላይ ጊዜ ይወስዳል? በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ውስጥ ይግባና ቀን ይሰጠው። ወደ ኋላ ማቀድ አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መተውን ይጠይቃል። መተው ደግሞ መምህሩን ያስፈራዋል፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቀው «የት ደረስክ?» ብሎ ነውና።

ዝናቡ ሦስት ቀን ቢወስድስ? አሁን መልሱ በእጃችን ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ይጣመራሉ፤ አራተኛውና አምስተኛው አንድ ቀን ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ክርክር በሁለተኛው ቀን መግቢያ ላይ በአሥር ደቂቃ ይቀርባል። ሦስተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው አይነኩም። የተማሪው ልምምድ ይቀንሳል፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ግን ምን እንደጎደለ ይታወቃል፣ በሚቀጥለው ምዕራፍም ይሞላል።

«ይህ ለፈተና ማስተማር አይደለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። መልሱ በፈተናው ላይ ይወሰናል። ፈተናው የስፋትን ትርጓሜ ምረጥ የሚል ከሆነ ለእርሱ ማስተማር ልጁን ይጎዳዋል። ማሳውን ለክተህ ክፍያውን አስረዳ የሚል ከሆነ ግን ለእርሱ ከማስተማር ሌላ ምን እናስተምር? አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ በስምንተኛው ቀን ያንኑ ማሳ በዚያው ቁጥር ካለማመድን አሥረኛው ቀን የሚለካው ትውስታን ነው። ማረሚያውም ቀላል ነው፣ ቅርጹ ይቀየር። ዘዴው የማይፈታውም አለ። ስልሳ ወረቀት በየሁለት ደቂቃው ቢታረም ሁለት ሰዓት ነው፣ መብራት በሌለበት ማታ። የዓመቱ ፈተና ከሌላ አካል በምርጫ ጥያቄ የሚመጣ ከሆነም መምህሩ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ለእነዚህ መልስ መስጠት ያለበት ዕቅድ የሚጠይቀው አካል ነው።

እንግዲህ ርዕሰ መምህሩ፣ ሱፐርቫይዘሩና የድርጅቱ አሠልጣኝ የምዕራፍ ዕቅድ ሲቀርብላቸው የሚፈርሙት ምን አይተው ነው? ዐምዶቹ መሞላታቸውን? ከመፈረማቸው በፊት የአሥረኛውን ቀን ወረቀት ከነውጤት አሰጣጡ ይጠይቁ። ከዚያም በዕቅዱ ላይ ጣታቸውን አንድ ቀን ላይ አሳርፈው «ይህ ቀን ቢቀር ተማሪው በመጨረሻው ወረቀት ላይ የቱን ይስታል?» ይበሉ። መምህሩ «ምንም» ካለ ያ ቀን ይውጣ። መልስ ካለው ይፈረምለት፣ ያንንም ቀን በስብሰባና በሥልጠና አይንኩበት።